ስማርቱ ቴሌቪዥንና የአለበል ቃል

አለበልን «ደንቆሮው» እያሉ የሚጠሩትን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ፈረቃ ሙሉ የሽመና ክፍላችን ውስጥ ብዘጋባቸው ደስ ባለኝ ነበር። ማሽኖቹ በአንድ ላይ ሲነሡ ጆሮ ያለውም የሌለውም እኩል ነው። እኔ አገርነሽ፣ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ጥርሴን የነቀልሁ ሴት፣ ጎኔ ከቆመች ባልደረባዬ ጋር በአፌ ተነጋግሬ አላውቅም። ሁላችንም በእጅ ነበር የምናወራው። ክር ሲበጠስ ሁለት ጣት ማለያየት፣ ማሽን ሲቆም መዳፍ መዘርጋት፣ አለቃ ሲመጣ አገጭ መያዝ። ገና በልጅነቱ ማጅራት ገትር ጆሮውን የወሰደበት አለበል ወደዚህ ክፍል ሲቀጠር፣ እኛ የምንንተባተብበትን እሱ አቀላጥፎ ይናገረው ነበር። ያስቀናል፣ ይቀልዳል፣ ይከራከራል። አንዳንዴ በቀልዱ ሳቅ ይዞኝ ክር ያመልጠኝ ነበር።

ከፋብሪካው በር ስንወጣ ግን እኛ ወደ አፋችን እንመለሳለን፤ እሱ ብቻውን ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮውን የኖሩለት ሌሎች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በተለይ ታላቅ ወንድሙ መሪጌታ ይትባረክ። በሐይቁ ዳር ካሉት ገዳማት በአንዱ የሚያገለግሉ፣ በቅኔያቸው የተመሰገኑ ሰው ናቸው። እኔም አንቱ የምላቸው ለዚሁ ነው እንጂ፣ በወንድማቸው ላይ በሠሩት ቢሆን ኖሮ አንተ ለማለትም በተጠየፍሁ። የአባታቸው መሬት ሲከፈል ስለ አለበል የተናገሩት እሳቸው ናቸው። አለበል ሚስት ሲያጭ የተናገሩትም እሳቸው። ደግነቱ ሚስቲቱ እናትዓለም ልበ ብርሃን ነበረች። የባሏን የእጅ ንግግር ከነወዙ ተማረችና የዓለሙ ደጅ ሆነችለት። ሁለቱ ልጆቻቸው ሩሐማና ርሆቦትም አፋቸውን ከመፍታታቸው በፊት እጃቸውን ፈቱ።

እናትዓለም ዐረፈች። ከዚያ ሩሐማን ሊጠይቁ ሽማግሎች መጡ። በእኛ ወግ የምትጠየቀው ልጅ ሽማግሎቹ ፊት አትቀርብም፤ ጓዳ ትቀመጣለች። ርሆቦት ደግሞ ያኔ ለትምህርት ጎንደር ነበረች። ስለዚህ ለአለበል የሚያስተረጉም ሰው አልነበረም። መሪጌታ «ሰጥተናል» አሉ፤ አለቀ። አለበል ልጁ መሰጠቷን ያወቀው የሴቶቹን አፍ ለእልልታ ተከፍቶ ሲያይ ነው። እኔ አጠገቡ ነበርሁ። ፊቱን አይቼዋለሁ። አባት ነኝ የሚል ሰው ያንን ፊት ቢያይ እንቅልፍ አይወስደውም።

አሁን ደግሞ የርሆቦት ተራ ደረሰ። ቃለ ሕይወት የሚባል የውሃ ሥራዎች ባለሙያ ሊያገባት ፈለገ፤ ሽማግሎቹ ከሐሙሲት እንደሚመጡ መልእክት ተላከ። አለበል ሰባታሚት ያለው ቤቴ ድረስ በእግሩ መጣና በእጁ እንዲህ አለኝ። መጀመሪያ ወደ ወንድሙ ቤት አቅጣጫ ጠቁሞ አፉን በመዳፉ ዘጋ። ቀጥሎ ትንሿን ጣቱን አነሣ፣ ትንሿ ልጄ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ደረቱን ነካና እጁን ወደፊት ዘረጋ። ይችን እኔ ራሴ ነኝ የምሰጥ።

እሺ፣ ግን ማን ያስተርጉም? ርሆቦት ጓዳ ናት። እኔ የማውቀው የክርና የማሽን ቋንቋ ነው፤ በእሱ ትዳር አይጠየቅበትም። የምልክት ቋንቋ የተማረ መምህር ፈልገን አምጥተን ነበር። ነገር ግን አለበል ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ቋንቋው የቤቱ ቋንቋ ነው፤ ሁለቱ ሲተያዩ ውለው ተጨባብጠው ተለያዩ። የቀረችው ሩሐማ ናት። እሷ ደግሞ ሐዋሳ ባሏ ዘንድ አራስ ናት።

በስልክ ይሆን እንደሆነ ሞከርነው። የአለበልን ዐይን ሞራ ጀምሮታል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈን ሲርቅ የሩሐማ ጣቶች አይታዩትም፣ ሲቀርብ ደግሞ የራሱ እጆች ከካሜራው ውጭ ይሆናሉ። በአንድ እጁ ይዞ በአንድ እጁ እንዲናገር ማድረግ ደግሞ ግማሽ አፉን መለጎም ነው። ሩሐማ «እትዬ አገርነሽ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ግዙና ካሜራ ይሰካበት፤ እኔ እልካለሁ» አለችኝ። ላከችም።

እንግዲህ ወደዚያ ሱቅ ልምጣ። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙን ብጠራው ደሜ ይፈላል። እኔ፣ አለበልና ርሆቦት ሆነን ገባን። እንዲህ ስል አጥርቼ ጠየቅሁት፤ «ልጄ፣ በዚህ ቴሌቪዥን ላይ ካሜራ ሰክተን ሐዋሳ ያለ ሰው እያየነው፣ እሱም እያየን ማነጋገር እንችላለን ወይ?»

«ስማርት ነው እኮ፣ እናቴ!» አለኝ። «ካሜራዋን ከኋላ ትሰካላችሁ፣ በቃ። ካሜራም አለን።»

ካሜራውንም ሸጠልን። ቴሌቪዥኑን እንደ ታቦት አቅፈን በባጃጅ ሰባታሚት እኔ ቤት ገባን።

ሰካነው። የካሜራው መብራት አልበራም። ቴሌቪዥኑ መሣሪያውን አላውቀውም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ርሆቦት የቴሌቪዥኑን የአፕ መደብር ከፍታ በሪሞት ፊደል በፊደል እየለቀመች ዋትሳፕ ብላ ፈለገች፤ የለም። ቴሌግራም፤ የለም። ኢሞ፤ የለም። ዩቱብ፣ ፊልም፣ ዘፈን፣ የኳስ ውጤት፣ ይህ ሁሉ ሞልቷል። ሰው ከሰው የሚያገናኝ ነገር ብቻ ጠፋ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድን።

«ዳውንሎድ አድርጉት» አለ።

«ከየት?»

«ከውስጡ ነዋ።»

«አንተው አድርገህ አሳየን» አልሁት። ለማሳያ የሰቀለውን ቴሌቪዥን ከፍቶ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ ግንባሩ ወዛ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቀዳዳው ስላለ ይሠራል ብዬ ነው።» ቀዳዳ ስላለ! ቀዳዳው ለፍላሽ ነው፤ ፊልም በፍላሽ ጭነህ እንድታይበት። ሰውዬው የሚሸጠውን ዕቃ አንድ ቀን እንኳ ሞክሮት አያውቅም። መልስልን ስንለው ካርቶኑ ተከፍቷል አይመለስም አለ። ይህ ሁሉ አልበቃው ብሎ አለበልን በዐይኑ ገረፍ አድርጎ፣ «ደግሞ እሱ አይሰማ፤ ቪዲዮ ምን ይሠራለታል?» አለኝ።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሱቅ ውስጥ ጮኬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጮህሁ። መስማት ለሚችል ሰው ድምፅ ብቻ ይበቃዋል፤ ስልክ ደውሎ ሃሎ ይላል፤ ምስል ለእሱ ጌጥ ነው። ለአለበል ምስሉ ራሱ ንግግሩ ነው። በዚህ አገር ለቪዲዮ ጥሪ ከእሱ የበለጠ ባለ ጉዳይ ማን አለ? ይህን ሁሉ አልሁት። በመንገድ የሚያልፉት ቆመው አዩን። አለበል የምለውን ባይሰማም ገብቶት ኖሮ፣ ክንዴን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ፤ ከዚያ ሁለት ጣቶቹን ለያየ። ክር ተበጠሰ ማለቱ ነው። በንዴቴ መካከል ሳቅሁ።

ግቢዬ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ብሥራት የሚባል የኮሌጅ የኮምፒውተር መምህር አለ። ማታ ነገሩን ስነግረው ቴሌቪዥኑን መጥቶ አየውና ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ዋትሳፕም ቴሌግራምም ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ አፕ የላቸውም፤ በየትኛውም ሱቅ ብንሄድ አናገኘውም። ድሮ ስካይፕ አንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ ነበር፤ እሱም ከቴሌቪዥን ወጣ፣ በኋላ ራሱም ተዘጋ። ዙምና ጎግል ሚት የሚቀበሉ ቴሌቪዥኖች አሉ። እነሱም ቢሆኑ የአንዳንድ አምራቾች የተወሰኑ ሞዴሎች ብቻ ናቸው፤ ካሜራውም ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው ዓይነት መሆን አለበት። «ስለዚህ ስማርት የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይልም፣ እትዬ፤ ከመግዛት በፊት ሞዴሉን አይቶ መጠየቅ ነው» አለኝ።

«እንግዲህ ጠየቅሁ እኮ!» አልሁት።

«የጠየቁት የሚሸጠውን ሰው ነዋ።»

በመጀመሪያ የስልኩን ስክሪን ወደ ቴሌቪዥኑ አስተላልፎ ሞከረ። ሩሐማ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣች፤ ነገር ግን የሚያየን የስልኩ ካሜራ እንጂ የሰካነው አይደለም። ስልኩን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ብናቆመውም ምስሉ ይዘገያል፣ ድንገትም ይቋረጣል። በእጅ የሚናገር ሰው ቃሉ መሃል ላይ ሲቆረጥበት አስቡት። ብሥራት ተወውና ላፕቶፑን አመጣ። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው፤ በሪሞቱም ቴሌቪዥኑን ወደዚያ መስመር አዞረው። ካሜራውን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ አስቀምጦ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። «አሁን ጥሪውን የሚያደርገው ላፕቶፑ ነው፤ ቴሌቪዥኑ መስታወት ነው፣ ማሳየት ብቻ። ላፕቶፑ ላይ ዙምም ይሠራል፣ የዋትሳፕና የቴሌግራምም ፕሮግራም አለ» አለኝ። ዙምን የመረጠው፣ ቁርጡ ቀን የሙሽራው አጎትም ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ስለሚገቡና እሳቸው የለመዱት እሱን ስለሆነ ነው።

ሲከፍተው ሩሐማ «የሚታየኝ ግድግዳ ነው» አለች። ላፕቶፑ ለካ በራሱ ካሜራ ነበር የሚያይ። ብሥራት ከቪዲዮው ምርጫ ውስጥ ገብቶ የተሰካውን ካሜራ መረጠ። ያኔ አባትና ልጅ ተያዩ። ሩሐማ በቁመቷ ልክ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆማ እጆቿን አነሣች፤ አለበል ሙሉ በሙሉ አያት። ሁለት እጁን ነፃ አድርጎ ከወንበሩ ሳይነሣ መለሰላት። ከዚያ ሕፃኑን አቀፈችና አሳየችው። እሱ የልጅ ልጁን ጆሮ ጠቁሞ፣ ይሰማል ወይ ብሎ ጠየቃት። ይሰማል አለችው። እኔ አለቀስሁ፤ ሱቁንም ደግሜ ረገምሁት።

ሽማግሎቹ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያው ወደ እኔ ቤት መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው አቶ አምሐ የሚባሉ ነጠላቸውን በወግ ያጣፉ ሽማግሌ። እንደ ወጉ «ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። መሪጌታ ይትባረክ ከአለበል ቀድመው ከፊታቸው ተቀመጡ። ርሆቦት ጓዳ ናት። ብሥራት ሥራ ስላለበት ሁሉን አሰናድቶልኝ፣ «ችግር ከመጣ ደውሉልኝ» ብሎ ሄደ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሩሐማ ነጠላዋን አጣፍታ ቀርባለች።

መሪጌታ ቴሌቪዥኑን አይተው «ይኼ ጨዋታ ለምን አስፈለገ? እኔ አለሁለት አይደል?» አሉ።

«ለምን እንዳስፈለገማ እርስዎ ያውቃሉ» አልኋቸው። አላዩኝም።

አቶ አምሐ ጀመሩ። ሩሐማ እሳቸው የሚሉትን እየሰማች በእጇ ለአባቷ ታቀርባለች። አለበል ዐይኑን ሳይነቅል ይከታተላል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። ደስ እያለኝ ነበር። ከዚያ የሙሽራው አጎት ከአዲስ አበባ ገቡ። «እንደምን አደራችሁ! ይሰማል? ሃሎ! ይሰማል?» አሉ። ወዲያው ሩሐማ ከቴሌቪዥኑ መሃል ጠፋችና የሰውዬው ግንባርና የቤታቸው መጋረጃ ሞላው። ሩሐማ ከላይ ጥግ ላይ የፖስታ ቴምብር አክላ ቀረች።

እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አላለፈም። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። በልምምዳችን ጊዜ ከእኛ ሌላ ሩሐማ ብቻ ነበረች፤ ሁለት ሲኮን ዙሙ ለአንደኛው የሚያሳየው ሌላኛውን ነው። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ግን ድምፅ የሚያወጣውን ሰው ነው ትልቅ የሚያደርግ። ሩሐማ በእጇ ስትናገር ድምፅ የላትም። በዚያ መሣሪያ ዘንድ ዝም ብላለች። ሰውዬው ሳል ሳሉ፤ ለሳላቸው ቴሌቪዥኑን ሙሉ ሰጣቸው። መሣሪያውም እንደ መሪጌታ ነው፤ አፍ ላለው ብቻ ነው ወንበር የሚለቅ።

አለበል ጎንበስ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበ። አይታየውም። ወደ ጥጓ እየጠቆመ አየኝ፤ እኔም መዳፌን ዘረጋሁለት፣ ማሽኑ ቆሟል። አቶ አምሐ ግን ይህን አላስተዋሉም። ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰው፣ «እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን ትሰጡን ዘንድ ቆመን እንለምናለን» አሉና ጠበቁ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ ምን ይላል ብላችሁ ነው? የእኔ ቃል የእሱም ቃል ነው። ሰጥተናል።»

«እሰይ!» አሉ የአዲስ አበባው ሰውዬ ቴሌቪዥኑን ሞልተው።

አለበል የሰውዬውን አፍ አየ። የወንድሙን ፊት አየ። አቶ አምሐ ለመቀመጥ ነጠላቸውን ሲሰበስቡ አየ። ያንን ነገር ከዚህ በፊት አይቶታል፤ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልገውም ነበር።

ተነሣና ጮኸ።

የአለበልን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከሆዱ የወጣ፣ ቃል የሌለው፣ ሻካራ ድምፅ ነው። ርሆቦት ወጉን ረስታ ከጓዳ ብቅ አለች። የአዲስ አበባው ሰውዬ ደንግጠው፣ «ማነው ይኼ እኔ ጋ ትልቅ ሆኖ የመጣው?» አሉ።

«አባቷ ነው!» አልሁ። «የምትለምኑት ሰው እሱ ነው!»

ለብሥራት ደወልሁ። «ማውሱን የሩሐማ ምስል ላይ አድርጉት፤ ሦስት ነጥብ ይመጣል፤ ነጥቦቹን ተጭናችሁ ፒን የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ማንም ቢናገር እሷ አትነቃነቅም» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ሩሐማ ከጥጓ ወጥታ ቴሌቪዥኑን ሞላችው። ሰውዬው ዳግመኛ አሳላቸው፤ እሷ ባለችበት ቀረች።

ሩሐማ እያለቀሰች ነበር። እያለቀሰች ሁሉን ነገር ለአባቷ ነገረችው። አቶ አምሐ የጠየቁትን፤ አጎቷ መሪጌታ የመለሱትን። አለበል እስከ መጨረሻው ተከታተለ። ከዚያ እጆቹን አነሣ፤ ሩሐማም በአፏ ታሰማን ጀመር።

«አባባ እንዲህ ይላሉ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ክፉ አላየሁበትም። ልጄም ትወደዋለች። ግን ታላቋ ስትጠየቅ አባት ሳይሰማ ተሰጠች። እኔ እንደማንኛውም አባት ነኝ። አባት ሽማግሌ ሲመጣበት እመክራለሁ ይላል፤ ሽማግሌም ሁለተኛ ይመለሳል። እናንተም ተመለሱና ጠይቁኝ።»

መሪጌታ «ሰዎቹ ከሐሙሲት ነው የመጡ!» ብለው ተነሡ። «ቃል ከአፌ ወጥቷል! ታዋርደኛለህ እንዴ?»

ሩሐማ ይህንንም አስተረጎመች፤ ከነቁጣው። አለበል ወደ ወንድሙ ዞረ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ በእጁ አለ።

«ምን አለ?» አሉ መሪጌታ።

«ወንድሜ፣ ስለ እኔ ብዙ ዘመን ደከምህ፤ አሁን ዕረፍ ይላሉ።»

መሪጌታ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወግ አዋቂዎች ናቸው፤ አንድ አባት ሁለተኛ ተመለሱ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል። አቶ አምሐ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አንገታቸው ግን ከልማድ ብዛት ወደ መሪጌታ ዞረ።

«እንግዲያው መቼ እንመለስ፣ መሪጌታ?»

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ወደ ወንድማቸው አመለከቱ።